ረጅሙን ወሬ የፎቶ መግለጫ ስለማድረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ማሳጠር ማለት የጻፍኩትን ሁሉ በጥቂት ቃላት ማጠቃለል ነው።»

ሁሉም ነገር ሲጠቃለል የሚቀረው የዜና ርእስ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሄደች ሰሞን፣ ጀበናዋ መስኮት ላይ ተቀምጣ ከኋላዋ ሐይቁ ከሚታይበት ፎቶ ጋር የፎቶው መግለጫ እንዲሆን እንዳሳጥርላት ይህን ላከችልኝ፦

«እንደምን ሰነበታችሁ፣ ስለጠፋሁ ይቅርታ፣ እንደምታውቁት ሥራ ቀይሬ ሐዋሳ ገብቻለሁ፣ ዕቃ ማጓጓዝ እንዲህ እንደሚያደክም ማን ነገረኝ፣ አልጋው ተፈታ፣ ፍሪጁ ተጫረ፣ ብቻ ምን ልበላችሁ፣ ጀበናዬን ጭኔ ላይ አቅፌ ነው የመጣሁት፣ እሷ ግን ደህና ናት፣ የረዳችሁኝን ሁሉ አመሰግናለሁ።»

እኔም አጠቃልዬ «አዲስ ሕይወት በሐዋሳ፤ አዲስ ምዕራፍ ተጀመረ!» ብዬ ብመልስላት፣ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ያ ዓረፍተ ነገር ቤት የቀየረ ሰው ሁሉ ሊለጥፈው የሚችል ነው። ስለዚህ ማጠቃለሉን ትቼ ከራሷ ቃላት መቀነስ ጀመርኩ። ሰላምታውና ይቅርታው ወጡ፤ ምስጋናው ለረዷት ሰዎች በስልክ ቢደርስ ይሻላል፤ ሐዋሳን ደግሞ ለሚያውቃት ሰው ሐይቁ ራሱ ይናገራል። የቀረው ይህ ነው፦

«አልጋው ተፈታ፣ ፍሪጁ ተጫረ፣ ብቻ ጀበናዬን ጭኔ ላይ አቅፌ ነው የመጣሁት። እሷ ደህና ናት።»

አንድም ቃል አልተጨመረበትም፤ ቅደም ተከተሉም የእሷው ነው። የሥራው ወሬ መቅረቱ አይካድም፤ እሱን ማሳወቅ ከፈለገች ለብቻው ትጻፈው እንጂ ከጀበናዋ ጋር አታጋፋው።

«እንደ ‹ብቻ› ያሉ የንግግር ቃላት ትርፍ ስለሆኑ አስቀድመው ይወጣሉ።»

በንግግራችን «ብቻ»፣ «የሚገርመው ደግሞ» እና የመሳሰሉት ብዙ ጊዜ የሚመጡት ተናጋሪው ዙሪያውን ሲዞር ቆይቶ ወደ ልቡ ነገር ሊገባ ሲል ነው፤ ስለዚህ የረጅም ጽሑፍን አስኳል የሚፈልግ ሰው እነርሱ ካሉበት ቢጀምር ይቀለዋል። ሁሉም ይቆዩ ማለቴ አይደለም፤ በሁለት መስመር ውስጥ አንዱ ይበቃል፣ እኔም «ምን ልበላችሁ»ን ያወጣሁት ለዚህ ነው። «እሷ» ግን አትነካም። አራሚ «ጀበናው አልተሰበረም» ቢለው መልእክቱ ያው ነው፤ ጀበናዋን እንደ ሰው የምትጠራዋ ሴት ግን ትጠፋለች።

«ቦታው እስከፈቀደ ድረስ ማሳጠር አያስፈልግም።»

ቴሌግራም ክፍያ ለማይከፍል ተጠቃሚ ከፎቶ ሥር 1,024 ፊደላትና ምልክቶችን፣ ኢንስታግራም ደግሞ 2,200 ይፈቅዳል። ነገር ግን ኢንስታግራም ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በኋላ ያለውን ስለሚያጥፈው፣ ጓደኛዬ ጽሑፏን እንዳለ ብትለጥፈው ኖሮ አላፊው አንባቢ የሚያገኘው ሰላምታዋንና ይቅርታዋን ነበር፤ ጀበናዋ ከእጥፋቱ በታች ትቀር ነበር።