የእግር ፈንገስ፦ ቅባቱ፣ ዱቄቱና ጫማው

የእግር ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በትንሿ ጣትና አጠገቧ ባለችው ጣት መሃል ነው። ሁለቱ ጣቶች ቀኑን ሙሉ ተጣብቀው ስለሚውሉ ላቡ መውጫ አያገኝም። ቆዳው መጀመሪያ ይነጣል፣ ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት ጣት እንደሚሆነው ይርሳል፤ ከዚያ ይላጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ያሳክካል። መንስኤዎቹ ሰውነት ላይ ክብ እየሠራ የሚወጣውን ጭርት ከሚያመጡት ፈንገሶች ወገን ናቸው፤ ከሁሉም በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ሩብረም የሚባለው ነው። የሚመገቡት ኬራቲንን ነው፤ የላይኛው የሞተ ቆዳ፣ ጥፍርና ፀጉር የተሠሩት ከዚህ ፕሮቲን ነው።

አዲስ አበባ ደጋ ናት፣ ሙቀት አያስቸግራትም። ጫማ ውስጥ ያለው አየር ግን ሌላ ነው። በክረምት ከአራት ኪሎ ፒያሳ ወይም ከሜክሲኮ ለገሃር በእግሩ የሚመላለስ ሠራተኛ ጫማው ጠዋት ይረጥባል፣ እግሩ ላይ እንዳለ ሞቆ ይውላል፣ ማታ በር ሥር ይቀመጣል፣ ሲነጋ ሳይደርቅ መልሶ ይጫማዋል። ፈንገሱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ሙቀት፣ እርጥበትና የሚበላ ቆዳ።

በመድኃኒት ቤት በብዛት የሚሸጡት ቅባቶች በሁለት ቤተሰብ ይከፈላሉ። ክሎትሪማዞል 1 በመቶ፣ ማይኮናዞል 2 በመቶና ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ከአንዱ ወገን ናቸው። የፈንገስ ሕዋስ ሽፋኑን የሚገነባው ኤርጎስቴሮል በሚባል የስብ ዓይነት ነው፤ የሰው ሕዋስ ግን በዚያ ፈንታ ኮሌስትሮልን ይጠቀማል። እነዚህ መድኃኒቶች ኤርጎስቴሮሉ እንዳይሠራ ያግዳሉ፣ ሽፋኑም ይሳሳል፣ ፈንገሱ ማደግ ያቆማል። ባብዛኛው ግን ወዲያው አይገድሉትም። እድገቱ ቆሞ ሳለ ቆዳው ከሥር እየታደሰ ፈንገሱን ከነቅርፊቱ ገፍቶ ማውጣት አለበት። ሕክምናው አራት ሳምንት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ወገን ቴርቢናፊን 1 በመቶ ነው። እሱም የኤርጎስቴሮልን ሥራ ያቋርጣል፤ የሚያቋርጠው ግን ከመነሻው አካባቢ ነው። ስለዚህ ስኳሊን የሚባል ጥሬ ዕቃ ሕዋሱ ውስጥ ይጠራቀምና ፈንገሱን ይገድለዋል። በተጨማሪም የላይኛው ቆዳ ውስጥ ገብቶ መቀባቱ ካቆመ በኋላም ለቀናት ይቆያል። ጣት መሃል ላለ ፈንገስ አንድ ሳምንት መቀባት የሚበቃው በዚህ ምክንያት ነው። በሰባተኛው ቀን ቆዳው ገና ልጥልጥ ብሎ ቢታይ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ መሻሉ በቀጣዮቹ ሳምንታትም ይቀጥላል። ኒስታቲን የተባለው መድኃኒት ደግሞ ካንዲዳ የሚባለውን ሌላ ፈንገስ እንጂ ይህን አይነካውም፤ ቤት ውስጥ ተርፎ የተገኘ የፈንገስ ቅባት ሁሉ ለእግር አይሆንም።

አንድ ነገር በተለይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የፈንገስ መድኃኒት፣ የባክቴሪያ መድኃኒትና ቤታሜታሶንን የመሰለ ስቴሮይድ በአንድ ቱቦ የያዙ ቅባቶች አሉ። ስቴሮይዱ ማሳከኩንና መቅላቱን በሁለትና ሦስት ቀን ያጠፋል፣ ሰውም በዚህ ይወዳቸዋል። ነገር ግን የቆዳውን የመከላከል አቅም ያዳክማል፤ ፈንገሱ ድምፁን አጥፍቶ ይስፋፋል፣ ቅባቱ ሲቆም ብሶ ይመጣል። መልኩም ስለሚለዋወጥ ሐኪም እንኳ በቀላሉ አይለየውም። ማሸጊያው ላይ ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል ወይም ዴክሳሜታሶን የሚል ካለ ሐኪም ሳያዝ ለእግር ፈንገስ አለመግዛት ይሻላል።

አሁን መጠኑን በአንድ ምሳሌ እንየው። ሁለቱም እግሮቹ ላይ በጣቶቹ መሃል ፈንገስ ያለበት አንድ ሰው 20 ግራም ክሎትሪማዞል ገዛ እንበል። ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መጋጠሚያ ድረስ የሚዘረጋ የቅባት መስመር ግማሽ ግራም ገደማ ይመዝናል። ለአንድ እግር ጣቶች መሃልና ዙሪያ የዚህ ግማሽ ይበቃል፤ ለሁለቱ እግሮች በአንድ ጊዜ ግማሽ ግራም መሆኑ ነው። ጠዋትና ማታ ሲቀባ በቀን 1 ግራም ያልቃል፣ በአራት ሳምንት 28 ግራም። ቱቦው በ20ኛው ቀን ባዶ ይሆናል። ማሳከኩ ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ውስጥ ጠፍቷል። ቱቦው አልቋል፣ እግሩም ዳነ መስሏል፤ ሁለተኛ ቱቦ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። የፈንገሱ መመለስ ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። ከመጀመሪያው ሁለት ቱቦ መግዛት ወይም ከተገኘ የአንድ ሳምንቱን ቴርቢናፊን መምረጥ ይሻላል።

አቀባቡም ውጤቱን ይለውጣል። እግር በሳሙና ታጥቦ በየጣቱ መሃል በጨርቅ ይደርቃል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቆ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ እግርን ከላይ ብቻ አበስ አድርጎ መተው ያልደረቀ ቆዳ ላይ መቀባት ነው። ፎጣው ለእግር ብቻ ይሁን፣ የቤት ሰው አይጋራው። ቅባቱ ስስ ተደርጎ ይቀባና ከታመመው ቦታ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ ጤነኛ በሚመስለው ቆዳ ላይም ይሄዳል፤ ፈንገሱ ምልክት ከሚታይበት ቦታ አልፎ ይገኛልና። ወፍራም አድርጎ መለጠፍ ግን ጣት መሃሉን መልሶ ያረጥበዋል። በመጨረሻ እጅ ይታጠባል። ከውስጥ ሱሪ በፊት ካልሲ ማጥለቅም ልማድ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፈንገሱ ከእግር ወደ ብሽሽት ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ በባዶ እግር ላይ የሚጎተት የውስጥ ሱሪ ነው።

ዱቄቱን ብዙ ሰው የቅባት ምትክ ያደርገዋል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። የማይኮናዞል ወይም የክሎትሪማዞል ዱቄት መድኃኒቱን የያዘው እርጥበት በሚመጥ ዱቄት ውስጥ ነው። ደረቅ ስለሆነ እንደ ቅባት ቆዳ ውስጥ አይዘልቅም፤ የያዘ ፈንገስን ለብቻው ለማዳን ይደክማል። ጉልበቱ በካልሲና በጫማ ውስጥ ነው። የሕፃናት ፓውደር ደግሞ መድኃኒት የለውም፣ ላብ ከመምጠጥ ያለፈ አይሠራም። ቅባት በተቀባ ቦታ ላይ ወዲያው ዱቄት መነስነስም ሁለቱንም ያበላሻል፤ ተድበልብሎ እንደ ሊጥ ፍርፋሪ ጣት መሃል ይቀራል፣ ሲራመዱ የታመመውን ቆዳ ይፈትጋል። ዱቄቱ ለጫማው፣ ቅባቱ ለእግሩ ይሁን።

ጫማ ለምን ይህን ያህል ይታሰብበታል? ከእግር የሚረግፈው ቅርፊት ፈንገሱን ይዞ ስለሚወርድ ነው። ፈንገሱ በቅርፊቱ ውስጥ ስፖር የሚባሉ ጠንካራ ዘሮች ሠርቶ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። የተሰበሰበውም በጫማው አፍንጫ ውስጥ፣ በሶሉና በጎኑ ስፌት መሃል ነው። እግሩ የዳነ ሰው በዚያው ጫማ ሲመላለስ ያንኑ ፈንገስ መልሶ ይቀበላል። ከሰልባጅ የተገዛ ጫማም የማን እግር እንደነበረበት ስለማይታወቅ፣ ከመጫማቱ በፊት ከዚህ በታች ባለው መንገድ ቢዘጋጅ ይመረጣል።

ማታ ጫማው እንደወለቀ ማሰሪያው ይላላል፣ ምላሱ ወደ ፊት ይጎተታል፣ የውስጥ ሶሉ የሚነሳ ከሆነ ወጥቶ ለብቻው ይሰጣል። የተጨማደደ ጋዜጣ እስከ አፍንጫው ድረስ ይጠቀጠቃል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጋዜጣው ሲነካ ይረጥባል፤ ወጥቶ በደረቅ ይተካና እስኪነጋ ይቆያል። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ቆዳውን ያሰነጥቀዋል፣ ማስቲሹንም ያላቅቀዋል። ፀሐይ ጥሩ ማድረቂያ ናት፤ አፍንጫው ውስጥ ግን ብርሃኗ አይደርስም፣ ስለዚህ ፀሐይ ላይ የዋለ ጫማ ጸድቷል ብሎ መተማመን አይገባም።

ዱቄቱ የሚገባው ጫማው ከደረቀ በኋላ ነው። እርጥብ ጫማ ውስጥ ከገባ ጭቃ ሆኖ ሶሉ ላይ ይጋገራል። ለአንድ እግር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ጫማው ተረከዙ ወደ ላይ፣ አፍንጫው ወደ ታች ተደርጎ ተረከዙ በመዳፍ ሁለት ሦስቴ መታ መታ ይደረጋል፤ ዱቄቱ ወርዶ ፈንገሱ የተሰበሰበበትን ጥግ የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነው። ጠዋት ትርፉ ይራገፋል። ሕክምናው እስኪያልቅ በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ ክረምቱ እስኪወጣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ማድረግ ይበቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለት ጥንድ ጫማ ኖሮ እያፈራረቁ መጫማት ነው፤ አንዱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ያርፋል።

ካልሲ በየቀኑ ይቀየራል። በቀዝቃዛ ውሃና በኦሞ መታሸቱ ላቡን እንጂ ፈንገሱን በደንብ አያስወግድም፤ 60 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው ከከፍታው የተነሳ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 65 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ካልሲው በሳሙና ተዘፍዝፎ ሳፋው ይከደናል፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል። እጅ ስለሚያቃጥል መጀመሪያ በእንጨት ማማሰል ነው። የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ በበረኪና ሊጸዳ ይችላል፤ አንድ ኩባያ በረኪና በዘጠኝ ኩባያ ውሃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ይነከርበትና በደንብ ይለቀለቃል። የቆዳ ጫማን ግን በረኪና ያበላሸዋል።

ሊስትሮ ጫማ ሲጠርግ ለደንበኛው የሚያቀብለው ነጠላ ጫማ በቀን የብዙ ሰው እግር ይገባበታል። ካልሲ ሳያወልቁ እላዩ ላይ መርገጥ ይበቃል። በሕዝብ መታጠቢያ ቤቶችም የራስን ነጠላ ጫማ ይዞ መግባት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በአራት ሳምንት ለውጥ ከሌለ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ውስጥ እግር ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ታይተው ሽታው ከበረታ ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም፤ ሕክምናው የተለየ ነው። የእግር ላይኛው ገጽ ብቻ የጫማውን ቅርጽ ተከትሎ ከቀላ የቆዳው ማቅለሚያ ወይም ማስቲሹ ያስነሳው አለርጂ ይጠረጠራል። ጥፍር ቢጫ ሆኖ ከወፈረና ከሥሩ ከተፈረፈረ ፈንገሱ እዚያ ገብቶ ይሆናል፤ ቅባት ጥፍር ውስጥ በቂ ሆኖ አይገባም፣ ጥፍሩ እስካልታከመ ድረስም ጣት መሃሉን መልሶ ይበክለዋል። ለዚህ የሚዋጥ ቴርቢናፊን ለሳምንታት ይታዘዛል፤ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በሐኪም ክትትል ብቻ ነው። ላቦራቶሪ ቅርፊቱን ፍቆ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙቶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል፤ ከምርመራው በፊት ለቀናት ቅባት መቀባት ውጤቱን ሊያሳስት ስለሚችል ለባለሙያው መንገር ያስፈልጋል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን አራቱን ሳምንት መጠበቅ የለበትም። የተሰነጠቀው ጣት መሃል ለባክቴሪያ በር ነው፤ እግሩ ቢደነዝዝ ሕመሙን ላያውቀው ይችላል። በየማታው ጣቶቹን ፈልቅቆ ማየት፣ መቅላት ወደ እግር ሽቅብ ከወጣ፣ እብጠት ወይም ትኩሳት ከመጣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።