የእንግሊዝኛ ኢሜይል መዝጊያ ምንድን ነው? የአክብሮት መሰላል አለመሆኑን በተመለከተ

«ሪጋርድስ» ለአለቃ፣ «ቤስት ዊሽስ» ለሥራ ባልደረባ፣ «ቺርስ» ለመጠጥ ጓደኛ፣ «ሲንሲርሊ» ደግሞ ከልብ ለሚወዱት ሰው ነው የሚል ምክር በየጊዜው ሲዘዋወር አያለሁ። ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ እነዚህኑ አራት መዝጊያዎች እንደ መሰላል ደርድሮ፣ የምትጽፉለትን ሰው ምን ያህል እንደምታከብሩ ለክታችሁ አንዱን ምረጡ ሲል መክሯል፤ ብዙዎችም አመስግነውታል። የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎችን ማረም የዘወትር ሥራዬ በመሆኑ፣ ይህ መሰላል የሚያስከትለው ስህተት ከሰዋስው ስህተት ይልቅ ሲያስቸግረኝ ኖሯል።

መዝጊያ ከመልእክቱ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በኋላ፣ ከጸሐፊው ስም በፊት ለብቻው የሚቀመጥ አጭር ሐረግ ነው። ድሮ ግን ለብቻው የሚቆም ነገር አልነበረም። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በተጻፉ የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ታዛዥ አገልጋይዎ የመሆን ክብር አለኝ» የሚል ዓይነት ነበር፤ ስሙም የሚጻፈው በዚያው ዓረፍተ ነገር ጅራት ላይ ነው። አሜሪካውያኑ ፖለቲከኞች አሌክሳንደር ሃሚልተንና አሮን በር እ.ኤ.አ. በ1804 ወደ ሽጉጥ ፍልሚያ ያደረሷቸውን የክስና የመልስ ደብዳቤዎች ሲለዋወጡ፣ አንዱ ለሌላው «ታዛዥ አገልጋይዎ» እያለ ይፈርም ነበር። በሐምሌ ወር ሃሚልተን በአሮን በር ጥይት ተመትቶ በማግስቱ ሞተ። ከሁለቱ አንዳቸውም የሌላው አገልጋይ ነኝ ብለው አላሰቡም፤ ደብዳቤው እንደ ደንቡ መዘጋት ስለነበረበት ዘጉት። የዛሬዎቹ አጫጭር መዝጊያዎች የዚያ ልማድ ወራሾች በመሆናቸው፣ ቃሉን መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጎ የአክብሮቱን ወይም የፍቅሩን መጠን ለማወቅ መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ለእኛ አንባቢ ነገሩን ለማስረዳት ከነጠላ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ነጠላው ያው ነጠላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በመስቀል ምልክት ያጣፉታል፣ ለሐዘን ያዘቀዝቁታል፣ በአዘቦት ቀን ትከሻ ላይ ጣል ያደርጉታል። ያዘቀዘቀ ሰው ካጣፋው ሰው የበለጠ ወይም ያነሰ አክባሪ አይባልም፤ ሰርግ ቤት አዘቅዝቆ ከገባ ግን ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። በተለመደ ጨዋታ መካከል ድንገት ያዘቀዘቀ እንደሆነም መርዶ ደርሶት ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል። የእንግሊዝኛ መዝጊያም የሚነበበው በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ነው፤ ከቦታው ጋር በመግጠሙና ቀድሞ ከነበረው በመለወጡ። የጥለቱ ዋጋ፣ ማለትም ቃሉ በራሱ ምን ያህል ያማረ ነው የሚለው፣ ከሁለቱም ውስጥ የለበትም።

መግጠም ስል በቅድሚያ ከመክፈቻው ጋር መግጠምን ነው፤ መሰላል ሠሪው ፈጽሞ ያላነሳውም ይህንን ነው። በብሪታንያ ልማድ፣ የተቀባዩን ስም ሳያውቁ «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ብለው የጀመሩትን ደብዳቤ «ዩርስ ፌይዝፉሊ» ብለው ይዘጉታል፤ በማዕረግና በቤተሰብ ስም የጀመሩትን ደግሞ «ዩርስ ሲንሲርሊ» ብለው ይዘጉታል። አሜሪካኖች ይህን ልዩነት ስለማያደርጉ ለሁለቱም «ሲንሲርሊ» ብቻውን ይበቃቸዋል። እንግዲህ «ሲንሲርሊ» የፍቅር ቃል ሳይሆን ከአራቱ ሁሉ የበለጠ መደበኛው ነው። የሥራ ማመልከቻ፣ የቪዛ ድጋፍ ደብዳቤ፣ ለባንክ የሚጻፍ አቤቱታ፣ ሌላው ቀርቶ ከሥራ የማሰናበቻ ደብዳቤ ጭምር በእሱ ይዘጋል። ለአሠሪ ሲጽፉ «ይህማ ለፍቅረኛ ነው» ብለው የሚሸሹት ሰዎች፣ የሚሸሹት በትክክል ለእነሱ ጉዳይ ከተሠራው መዝጊያ ነው።

በኢሜይል ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። «ዩርስ ሲንሲርሊ» የደብዳቤ ልብስ በመሆኑ፣ ሦስት መስመር ብቻ ባለው ኢሜይል ግርጌ ሲቀመጥ ትንሽ ይከብዳል። ማመልከቻው አባሪ ሆኖ ሲላክ፣ አባሪው ደብዳቤ በ«ዩርስ ሲንሲርሊ»፣ እሱን የሚሸከመው አጭር ኢሜይል ደግሞ በ«ካይንድ ሪጋርድስ» ቢዘጋ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው ብለው የሚያስተካክሉ አለቆች አጋጥመውኛል፤ ሁለት ጽሑፎች ስለሆኑ ግን ሁለት መዝጊያ ቢኖራቸው ነውር የለበትም።

አሁን አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተል። አንዲት የአዲስ አበባ ምሩቅ ለዶክትሬት ጥናቷ አማካሪ ፍለጋ በብሪታንያ ለምትገኝ ፕሮፌሰር ጻፈች እንበል። «ዲር ፕሮፌሰር» ብላ የፕሮፌሰሯን የቤተሰብ ስም ጨምራ ትከፍታለች፤ ጥያቄዋን በሁለት አንቀጽ ታቀርባለች፤ «ካይንድ ሪጋርድስ» ብላ ሙሉ ስሟን ትጽፋለች። ከሳምንት በኋላ መልስ ይመጣል። ፕሮፌሰሯ የተማሪዋን የመጀመሪያ ስም ጠርታ ጀምራለች፣ የጥናት ሐሳቡ እንዲብራራ ጠይቃለች፣ «ቤስት ዊሽስ» ብላም የራሷን የመጀመሪያ ስም ብቻ አስቀምጣለች።

በመሰላሉ የሚመራ ሰው እዚህ ላይ ወይ ይደሰታል ወይ ይደነግጣል። አንዱ «መልካሙን ሁሉ ተመኘችልኝ፤ ተቀብላኛለች» ይላል፤ ሌላው «መልካም ዕድል ብላ አሰናበተችኝ» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። «ቤስት ዊሽስ» በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች በየቀኑ የሚጻፍ ለዘብ ያለ መዝጊያ ነው እንጂ ቡራኬም ስንብትም አይደለም። በዚህ መልስ ውስጥ አዲስ ነገር ያለው ከመዝጊያው በታች፣ በስሙ ላይ ነው፤ የመጀመሪያ ስሟን ብቻ መጻፏ በዚያው ስም እንድትጠራ መፍቀዷ ነው። ተማሪዋ በሁለተኛው ኢሜይል «ዲር» ብላ የመጀመሪያ ስሟን ብትጠራ ይገጥማል፤ እኛ ዘንድ አስተማሪን በስም መጥራት ስለሚከብድ አንድ ጊዜ «ፕሮፌሰር» ማለቷን ብትቀጥልም ማንም አይቀየማትም። መዝጊያዋ «ካይንድ ሪጋርድስ» ሆኖ ሊቀጥል ወይም «ቤስት ዊሽስ» ሊሆን ይችላል። ወደ «ዩርስ ፌይዝፉሊ» መመለስ ግን የተከፈተውን በር መልሶ መዝጋት ይሆናል።

ጥቂት ወራት አለፉ እንበል፤ ተማሪዋም ያንኑ የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ላከች። በዚህ ጊዜ የመጣው መልስ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ መዝጊያውም ባዶ «ሪጋርድስ» ነው። ለብሪታንያውያን ጆሮ ከ«ቤስት ዊሽስ» ወይም ከ«ካይንድ ሪጋርድስ» ተነስቶ ወደ ባዶ «ሪጋርድስ» መውረድ ብዙ ጊዜ መቀዝቀዝን ያሳያል፤ በጨዋታ መካከል ነጠላ እንደማዘቅዘቅ ነው። መሰላል ሠሪው ከሁሉ በላይ አስቀምጦ ለአለቃችሁ ጻፉት ያለው ይህንኑ ባዶውን «ሪጋርድስ» ነው!

ይሁንና ባዶ «ሪጋርድስ» ሁልጊዜ ቅያሜ ነው ማለቴ አይደለም። ከመጀመሪያው ጀምሮ በዚሁ የሚዘጋ ሰው ምንም አላለም፤ ብዙ መሐንዲሶችና የሒሳብ ሠራተኞች ሌላ መዝጊያ ጽፈው አያውቁም። ከስልክ የተላከ መልእክትም ያጥራል። የሚነጻጸረው የሰውየው ያለፉ ኢሜይሎች ከአሁኑ ጋር እንጂ ሰውየው ከሌላ ሰው ጋር አይደለም። ለአሜሪካኖች ይህ መውረድ ያን ያህል አይጎላም፤ በእነሱ ዘንድ «ቤስት ሪጋርድስ» ወይም «ቤስት» ብቻውን የተለመደ ነው። በአንጻሩ «ቤስት ዊሽስ» ለብዙ አሜሪካውያን የሰርግ ወይም የጡረታ ካርድ ስለሚመስል፣ ወደዚያ ለሚላክ የሥራ ኢሜይል አልመርጠውም።

«ቺርስ»ን በተመለከተ መጠጡን እንርሳው። በብሪታንያ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ይህ ቃል «አመሰግናለሁ» እና «ደህና ሁን» ለማለት ሲያገለግል ይውላል፤ ለአውቶቡስ ሾፌርም ይባላል። ስለዚህ ባልደረባዎ ፋይል ልኮልዎት «ደርሶኛል» ብለው ሲመልሱ በትክክል ይገጥማል። የማይገጥመው ጉዳዩ ከባድ ሲሆን ነው፤ የዋጋ ጭማሪ እያሳወቁ፣ ጥያቄ እየከለከሉ ወይም ትልቅ ውለታ እየጠየቁ «ቺርስ» ቢሉ ነገሩን ያቀለሉት ያስመስላል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቃሉ ከጽዋ ማንሳት ጋር ስለሚያያዝ፣ በኢሜይል ላይ ሲጻፍ ብሪታንያዊ መምሰል ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። የእኔ ልማድ ሌላው ሰው አስቀድሞ እስኪጽፈው መጠበቅ ነው።

አጻጻፉን ማንም ባይጠይቀኝም፣ ለማረም ከሚደርሱኝ ኢሜይሎች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ አልፌው አልሄድም።

```
Yours sincerely,
Kind regards,
Best wishes,
Cheers,
```

በትልቅ ፊደል የሚጀምረው የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው፣ መጨረሻው ላይ ነጠላ ሰረዝ ይገባል፣ ስሙ በሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። `Best regard` ብሎ የመጨረሻዋን `s` መጣል እኛ ዘንድ የተለመደ ግድፈት ነው፤ `Your sincerely` የሚለውም እንዲሁ። ኢሜይሉ በራሱ የሚጨምረው የፊርማ ሳጥን ውስጥ መዝጊያ ማስገባትም አይመከርም፤ በእጅ «ቤስት ዊሽስ» ብለው ከስሩ ማሽኑ «ካይንድ ሪጋርድስ» ሲጨምርበት ሁለት ጊዜ የተሰናበቱ ይመስላሉ። በሳጥኑ ውስጥ ስም፣ የሥራ ድርሻና ስልክ ይበቃሉ። የውጭ ሰው ሁለተኛውን ስማችንን የቤተሰብ ስም አድርጎ በአባታችን ስም ስለሚጠራን፣ በመጀመሪያው ኢሜይል ሙሉ ስም ጽፎ፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ከመዝጊያው ስር የራስን ስም ብቻ ማስቀመጥ እንዴት መጠራት እንደሚፈልጉ ያለ ማብራሪያ ያስረዳል።

በአንድ ቀን ውስጥ በተከታታይ የሚመላለሱ አጫጭር መልሶች ላይ፣ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው በኋላ መዝጊያውን መተው ይቻላል፤ ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ይተዉታል። በማግስቱ ሲጽፉ፣ አዲስ ጉዳይ ሲያነሱ ወይም አዲስ ሰው በግልባጭ ሲገባ ግን ከመክፈቻው ጋር ይመለሳል።