ማሞግራም ወረቀት ላይ ያለችው ባይራድስ የምትባል ቁጥር ምንድን ናት?

የማሞግራም፣ የጡት ራጅ ማለት ነው፣ ውጤት የያዘ ሰው ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ካንሰር አለ ወይስ የለም። ወረቀቱ ግን እንደዛ ብሎ አይመልስም፣ ግማሽ ገጽ እንግሊዝኛ ካወራ በኋላ መጨረሻ ላይ ኢምፕሬሽን ከሚለው ስር BI-RADS ብሎ አንድ ቁጥር ጽፎ ይዘጋል። ባይራድስ ተብሎ ነው የሚነበበው፣ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው አሰራር ነው፣ ደሴ ያለው ራዲዮሎጂስት የጻፈውን አዲስ አበባ ያለው ቀዶ ሐኪም በአንድ አይነት እንዲረዳው ማለት ነው። ቁጥሩ ከ0 እስከ 6 ይሄዳል። ምስሉን ያነበበው ሰው ምን ያህል እንደጠረጠረ እና ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት ነው የሚናገረው፣ የበሽታ ደረጃ አይደለም። ይሄን የምለው 4 የሚል ሲያዩ "ስቴጅ 4 ደርሷል" ብለው ቤቱን ለቅሶ ቤት የሚያደርጉ ስላሉ ነው፣ ስቴጅ የሚባለው ካንሰር መሆኑ በናሙና ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣ ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ ሰው የምታሳስተው ግን ዜሮ ናት። ዜሮ ሲባል ምንም የለም ማለት ይመስላላ! እዚህ ግን "ገና አልጨረስኩም፣ ተጨማሪ ነገር ልይ" ማለት ነው። ዜሮ ተብላ ወረቀቷን ሳጥን ውስጥ ከታ የምትቀመጥ ሴት ምርመራዋን መሀል ላይ ነው የተወችው።

በአንድ ሰው እንየው። ከሐይቅ ደሴ መጥታ የታየች የ48 አመት እናት አለች እንበል፣ ምንም አያማትም፣ እህቷ ታማ ስለነበር ፈርታ ነው። ማሞግራም ላይ እያንዳንዱ ጡት ሁለቴ ይነሳል፣ አንዴ ከላይ ወደ ታች አንዴ ደግሞ ከጎን ብብቱን ይዞ ሰያፍ፣ በድምሩ አራት ምስል። ቀኝ ጡቷ ላይ በአንዱ ምስል ብቻ ነጣ ያለ ነገር ታየ፣ በሌላኛው የለም። ጡት ተጨፍልቆ ስለሚነሳ ጤነኛው ስጋ እርስ በርሱ ይደራረባል፣ ሁለት ነጠላ ሲነባበር ወፍሮ እንደሚታየው ማለት ነው፣ እና ያየው ነገር እውነት እብጠት ይሁን መደራረብ ራዲዮሎጂስቱ ከዚህ ብቻ አይለይም። ስለዚህ 0 ብሎ ጻፈ።

ከዚህ በኋላ ያለው እርምጃ ሁሉንም እንደገና መነሳት አይደለም። ወይ ያቺን ቦታ ብቻ በትንሽ ፕሌት ጨፍልቆ ደግሞ ማንሳት ነው (መደራረብ ከሆነ ይበተናል)፣ ወይ የካልሲየም ነጠብጣብ ከሆነ አጉልቶ ማንሳት፣ ወይ አልትራሳውንድ። ከዚህ በፊት ተነስታ ከነበረ ደግሞ የድሮውን ምስል ማምጣት ብቻ ሊበቃ ይችላል፣ ከሁለት አመት በፊትም ያው ከነበረ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዛው ያልቃል።

እቺ እናት አልትራሳውንድ ተነሳች እንበል። ጥቁር፣ ግድግዳው ስስ፣ ውስጡ ንጹህ ውሃ ከሆነ ሲስት ነው፣ ቁጥሩ ከ0 ወደ 2 ይቀየራል፣ 2 ማለት የታየ ነገር አለ ግን ጉዳት የለውም ነው፣ ወደ መደበኛ ጊዜዋ ትመለሳለች። ጠጣር ሆኖ ሞላላ፣ ጠርዙ ዙሪያውን የለሰለሰ፣ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ እብጠት ቢገኝ ግን 3 ይባላል።

3 ላይ ትንሽ እንቆይ ምክንያቱም ሰው የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። ካንሰር የመሆን እድሉ ከመቶ ሁለት ወይም ከዛ በታች ነው፣ ስለዚህ አይወጋም አይቆረጥም፣ በ6 ወር ተመልሶ ይታያል። ጥቅምት ላይ የታየች ሚያዝያ ላይ ትመጣለች፣ ከዛ በአመቱ ሁለቱም ጡት ይነሳል፣ ከዛ በሁለት አመቱ። ሁለት አመት ሙሉ ካልተለወጠ ወደ 2 ይወርዳል። አንዱ "አሁኑኑ ቆርጣችሁ አውጡልኝ" ይላል፣ ሌላዋ ደግሞ ስላላመማት ቀጠሮውን ትተወዋለች፣ የሁለተኛዋ ይብሳል ባይ ነኝ፣ 3 የሚባለው ተመልሳ ትመጣለች ተብሎ ታስቦ ነውና። ስትመጣም ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉን፣ ፊልሙን ወይም ሲዲውን፣ ይዛ ነው፣ ማነጻጸሪያ ከሌለ ስድስት ወር የጠበቀችው ለምንም አልሆነም። ሌላ ነገር፣ ምንም ሳያማት ለስክሪኒንግ ብቻ የተነሳች ሴት አልትራሳውንድም ተጨማሪ ምስልም ሳይሰራላት ከአራቱ ምስል ብቻ 3 ከተባለች መጠየቅ አለባት፣ አሰራሩ መጀመሪያ 0 ተብሎ ተጣርቶ ነው 3 የሚባለው።

ሚያዝያ ላይ 11 የነበረው 15 ሚሊ ሆኖ ጠርዙም ሸካራ ካለ ቁጥሩ 4 ይሆናል፣ የ4 ትርጉም በአጭሩ ናሙና ይወሰድ ነው። ግን 4 በጣም ሰፊ ነው፣ ለዛ ነው በሶስት የተከፈለው፣ 4ኤ ካንሰር የመሆን እድሉ ከመቶ ከ2 እስከ 10፣ 4ቢ ከ10 እስከ 50፣ 4ሲ ከ50 እስከ 95። ስለዚህ 4ኤ ከተባሉት አብዛኞቹ ካንሰር አይወጣባቸውም፣ አብሽሪ እህቴ፣ ግን ናሙናው አይቀርም። ወረቀቱ ፊደሉን ሳይጽፍ ዝም ብሎ 4 ካለ የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። 5 ማለት ከ95 በላይ ነው፣ እሱም ቢሆን ሳይወጋ ካንሰር ነው አይባልም። 6 የሚጻፈው በናሙና ቀድሞ ለተረጋገጠ ሰው ነው፣ ለምሳሌ ከቀዶ ጥገና በፊት ኬሞ እየወሰደች ላለች።

"መርፌ ከነካው ይሰራጫል" የሚለውን በየቡናው እንሰማለን፣ በሱ ፈርተው የሚቀሩም አሉ። በአልትራሳውንድ እየታየ ቦታው ደንዝዞ ቀጭን የስጋ ክር የሚያወጣው መርፌ ካንሰሩን ያባብሳል የሚባለው እውነት አይደለም፣ ሐኪሙ ምን አይነት እንደሆነና ምን መድሀኒት እንደሚሰራለት ከቀዶ ጥገና በፊት የሚያውቀውም በሱ ነው። በቀጭን መርፌ ሴል ብቻ የሚመጠጥበትም አለ፣ ፈጣንና ርካሽ ነው ግን የሚሰጠው መረጃ ያንሳል። የናሙናው ውጤት ከመጣ በኋላ ሁለቱ ወረቀቶች፣ የምስሉና ናሙናው የተመረመረበት የፓቶሎጂው፣ ጎን ለጎን ይታያሉ። ምስሉ 4ኤ ብሎ ፓቶሎጂው ፋይብሮአዴኖማ፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ማለት ነው፣ ካለ ይስማማሉ። ምስሉ 5 ብሎ ፓቶሎጂው ምንም የለም ካለ ግን መርፌው ስቶት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ አልሀምዱሊላህ ብሎ ወደ ቤት መሄድ ሳይሆን ናሙናው ይደገማል ወይም እብጠቱ ሙሉ ይወጣል።

1 ምንም አልታየም ነው፣ ብዙ ወሬ አያስፈልገውም፣ አንድ ነገር ብቻ። እዛው ወረቀት ላይ ከኤ እስከ ዲ የሚል ፊደል አለ፣ የጡቱን እፍጋት ነው የሚናገረው፣ ሲ እና ዲ የሆነ ጡት ምስሉ ላይ ነጭ ስለሚሆንና እብጠትም ነጭ ስለሆነ ሊደበቅ ይችላል። በእጇ የሚዳሰስ ጠጣር ነገር ያላት ሴት 1 ወይም 2 ብትባልም "እዚህ ጋ ይዳሰሰኛል" ብላ ቦታውን በጣቷ አሳይታ አልትራሳውንድ እዛው ላይ ይሰራላት፣ አልትራሳውንዱም ንጹህ ሆኖ ሐኪሙ ሲዳስሰው ካጠራጠረው ናሙና ማዘዝ ይችላል።