የወሊድ ፈቃድ ርክክብ ኢሜይል ምንድን ነው?

በእኛ መሥሪያ ቤቶች «ርክክብ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየን ቅጹ ነው። ላፕቶፕ አንድ፣ የካዝና ቁልፍ ሁለት፣ ማኅተም አንድ፣ የደረሰኝ ጥራዝ ከቁጥር እስከ ቁጥር። አስረካቢ ይፈርማል፣ ተረካቢ ይፈርማል፣ ቅጹ ፋይል ውስጥ ይገባል። በማግስቱ ተረካቢው ወንበሩ ላይ ቁጭ ይልና ቁልፉ በእጁ እንዳለ የቱን መሳቢያ መጀመሪያ እንደሚከፍት ግራ ይገባዋል።

የርክክብ ኢሜይል ቅጹ የማይነግረውን ይናገራል። በወሊድ ፈቃድ የምትወጣ ሠራተኛ ሥራዋን ለሚሸፍንላት ባልደረባ ትጽፈዋለች፤ ሥራው ዛሬ የት ላይ እንደቆመ፣ ቀጥሎ ምን በየትኛው ቀን እንደሚመጣና ተረካቢው በራሱ ሥልጣን እስከ የት መሄድ እንደሚችል ያሳያል። የሥራ መደቡ ዝርዝር አይደለም፤ እሱ በሰው ሀብት ፋይል ውስጥ አለ። «ደመወዝ መሥራት፣ ግብር ማስታወቅ፣ ባንክ ማስታረቅ» ብሎ የሚጀምር ኢሜይል ሒሳብ ሠራተኛ ምን እንደምትሠራ ከመናገር በቀር ለተረካቢው አንዳች አይጠቅመውም።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። አዲስ አበባ ውስጥ 40 ያህል ሠራተኛ ያለው አንድ የንግድ ድርጅት አለ እንበል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሐኪሟ የሰጣት የመውለጃ ቀን ሚያዝያ 20 ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። ስለዚህ መጋቢት 20 ትወጣለች፤ በተባለው ቀን ከወለደች ፈቃዷ ሐምሌ 19 ያልቃል፣ ሐምሌ 20 ትመለሳለች።

ይህ ግን ወረቀት ላይ ነው። ልጅ ቀጠሮ አያከብርም። አዋጁም ይህን ያውቃል፦ 30ው ቀን አልቆ ካልወለደች እስክትወልድ ተጨማሪ ፈቃድ ይሰጣታል፤ 30ው ቀን ሳያልቅ ከወለደች ደግሞ 90ው ቀን ከወሊዱ ጀምሮ ይቆጠራል። ሚያዝያ 5 ብትወልድ ሐምሌ 5 ትመለሳለች፤ ሚያዝያ 28 ብትወልድ ሐምሌ 28። መካከላቸው ከሦስት ሳምንት በላይ ነው። ስለዚህ በኢሜይሉ ላይ «ሐምሌ 20 እመለሳለሁ» ብላ እንዳትጽፍ እመክራለሁ። «በሐምሌ ወር ውስጥ፤ ትክክለኛውን ቀን ከወሊድ በኋላ አስተዳደር ያሳውቅሃል» ይሻላል። ተረካቢው ያንን ቀን ይዞ ለደንበኛ ቀጠሮ የሰጠ እንደሆነ ጣጣው ለሁለቱም ነው።

መውጫዋም እንደዚሁ ነው። በመጋቢት መጀመሪያ ሐኪሙ ደም ግፊቷን ለክቶ «ከዛሬ ጀምሮ አልጋ ላይ» ሊላት ይችላል። የዓመት ዕረፍት የሚወጣ ሰው ርክክቡን በመጨረሻው ዓርብ ከሰዓት ቢጽፈው ያልፍለታል፤ እሷ ግን ረቂቁን በየካቲት መጨረሻ ጨርሳ በየሳምንቱ ዓርብ የተለወጠውን መስመር ብቻ ብታድስ ነው የሚበጀው። ያን ጊዜ ገና ስምንተኛ ወሯን መጀመሯ ነው። ድንገት ብትቀር ኢሜይሉ ቢበዛ የአንድ ሳምንት ዕድሜ ይኖረዋል።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በእንጥልጥል ያለው ሥራ ነው፤ ያለቀውም ያልተጀመረውም ራሱን ይናገራል። ሒሳብ ሠራተኛዋ መጋቢት 20 ስትወጣ የየካቲት ደመወዝ ተከፍሏል፣ ከደመወዙ የተቆረጠው ግብርና ጡረታ ግን ገና አልገባም፤ ጊዜ ገደቡ መጋቢት 30 ነው። ጡረታው የሠራተኛው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ ተደምሮ 18 በመቶ ነው፤ ይህን ተረካቢው ያውቀዋል። የማያውቀው ይኼን ነው፦

«ሰላም ወንድሜ፤ የየካቲት ደመወዝ የካቲት 28 ተከፍሏል። ግብሩና ጡረታው አልተከፈለም፤ ቼኩ እንዲፈረም መጋቢት 18 ለሥራ አስኪያጁ አቅርቤያለሁ። እስከ መጋቢት 24 ፈርሞ ካልመለሰው ሂድና ራስህ አስታውሰው፤ የመጨረሻው ቀን 30 ነው። የመጋዘን ሠራተኛው በየካቲት ወር ለ6 ቀናት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወጥቶ ነበር። ደብዳቤው ዘግይቶ ስለደረሰኝ አልቀነስኩበትም፤ ከመጋቢቱ ቀንስ። ነግሬዋለሁ፣ ያውቃል።»

ያቺ የመጨረሻዋ «ነግሬዋለሁ፣ ያውቃል» ባትኖር ኖሮ ተረካቢው በመጀመሪያው ወሩ ከመጋዘን ሠራተኛው ጋር ይጣላ ነበር። የሥራው ሁኔታ ማለት ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ማን ምን እንደተነገረውም ነው።

ሁለተኛው ዓይነት እንጥልጥል በቃል የተገባ ስምምነት ነው፤ በፋይል ውስጥ ስለሌለ ከእሷ ጋር አብሮ ይወጣል። እንዲህ ትጽፈዋለች፦

«አንድ ደንበኛ 48,000 ብር ቀሪ ዕዳ አለበት፤ ደረሰኞቹ በ‹ያልተሰበሰበ› ፋይል ውስጥ ናቸው። እስከ ሚያዝያ 10 እከፍላለሁ ብሏል። እኔ ሁለት ጊዜ አራዝሜለታለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ከጠየቀህ አንተ አትወስን፤ ለሥራ አስኪያጁ ንገረው።»

ደንበኛው አዲስ ሰው ማየቱን እንደ ዕድል ይቆጥረዋል። «እሷ እኮ እስከ ሰኔ ብላኛለች» ቢል ተረካቢው በምን ይከራከራል? ይህ መስመር ካለው ክርክሩ አይነሳም።

ከዚህ ቀጥሎ የሥልጣን ጉዳይ አለ። ፔቲ ካሹ ጣሪያው ስንት ነው፣ እስከ ስንት ብር ያለ ሥራ አስኪያጁ ፊርማ ይወጣል የሚለው በቁጥር ይጻፍ። ይህን ሥልጣን ግን እሷ አትሰጠውም፤ የሚሰጠው አለቃው ነው። ስለዚህ ኢሜይሉ ለአለቃውም በግልባጭ ይሄዳል፣ የውክልና ደብዳቤውም ከመውጣቷ በፊት መጻፍ አለበት። እሷ በባንክ ፈራሚ ከሆነች ደግሞ ጉዳዩ ቀን ይፈልጋል፦ ድርጅቱ ለባንኩ ደብዳቤ ይጽፋል፣ አዲሱ ፈራሚ ቀርቦ የፊርማ ናሙና ይሰጣል። ይህ ሳይደረግ ከወጣች ቼክ ይዞ አራስ ቤት የሚመጣ ሾፌር ይኖራል። የይለፍ ቃል ኢሜይል ውስጥ አይጻፍም። የሚረሳው የማረጋገጫ ቁጥሩ ነው፦ የባንኩ ወይም የግብሩ ገጽ ቁጥሩን በስልክ መልእክት የሚልከው ወደ እሷ ስልክ ከሆነ፣ ምጥ ላይ ሆና የሚደርሳት እሱ ነው። ስልኩ ከመጋቢት 20 በፊት ወደ ተረካቢው መዛወሩን ኢሜይሉ ላይ «ተዛውሯል፣ አብረን ሞክረነዋል» ብላ ብትጽፍ ነው የሚያሳርፋት።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ከሁሉ ከባዱ ግን ሰኔ 30 ነው። የድርጅቱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ፣ መዝጊያው በእሷ ፈቃድ ውስጥ ይወድቃል። ብዙዎች እዚህ ላይ የሚሠሩት ስህተት መዝጊያውን በሙሉ በተረካቢው ላይ መጫን፣ ወይም በሙሉ «ስመለስ እሠራዋለሁ» ማለት ነው። መለየት ይቻላል። ዓመታዊው የትርፍ ግብር ማስታወቂያ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው፤ የሒሳብ መግለጫውን በሐምሌ ተመልሳ ልታዘጋጀው ትችላለች። የመጋዘን ቆጠራው ግን አይጠብቅም። ሰኔ 30 ማታ መጋዘን ውስጥ ምን ያህል ዕቃ እንደነበረ በሐምሌ መጨረሻ ቆጥሮ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ በመካከሉ ዕቃ ገብቷል፣ ወጥቷል። የካዝናው ጥሬ ገንዘብም እንዲሁ። ስለዚህ ኢሜይሉ ስለ መዝጊያ ሁለት ነገር ብቻ ይበል፦ ሰኔ 30 መጋዘኑና ካዝናው ይቆጠር፣ የቆጠሩት ሰዎች ሁሉ ይፈርሙበት፤ ሌላው ይቆየኝ። ተረካቢው በጣም የሚያመሰግናት ለዚህች «ይቆየኝ» ይሆናል። የራሱ ሥራም አለበት እኮ።

ተጠያቂነትንም ሳይሸሽጉ መጻፍ ያስፈልጋል። የሒሳብ ሰው ርክክብ ሲባል የሚሰጋው የሌላ ሰው ጉድለት በስሙ እንዳይመዘገብበት ነው፤ ስጋቱ ተገቢ ነው። መጋቢት 19 ከሰዓት ሁለቱ አብረው ካዝናውን ቆጥረው፣ የባንክ ቀሪውን አስታርቀው ይፈራረማሉ። ከዚያ ኢሜይሉ ላይ አንድ መስመር፦ «እስከ መጋቢት 19 የተሠራው የእኔ ነው፤ ጥያቄ ቢነሳ በእኔ ስም ያዘው።»

ስንደውልላትስ? «በማንኛውም ሰዓት ደውልልኝ» ብሎ መጨረስ ደግነት ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ኢሜይሉ እንዳላለቀ የሚያሳብቅ ነው። በእኛ አገር ደግሞ መደወልም አያስፈልግም፤ የመሥሪያ ቤት ሰው አራስ ሊጠይቅ ይመጣል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ገንፎ ይቀርባል፣ ከዚያ አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያቺ የመጋቢት ፋይል የት ነበር ያስቀመጥሻት?» ይላል። አይቼዋለሁ። የሚሻለው ለየጉዳዩ ሌላ ሰው መጠቆም ነው፦ ስለ ደመወዝ አስተዳደርን፣ ስለ ግብር የውጭ ኦዲተሩን፣ ስለ ደንበኛ ሽያጭን። ለእሷ የሚቀረው ሌላ ማንም የማያውቀው ብቻ ነው፤ ለዚያም በጽሑፍ መልእክት፣ ስትችል እንደምትመልስ ተነግሮ።

ኢሜይሉ መብቃቱ የሚታወቀው በመላኩ አይደለም። ከመውጣቷ አሥር ቀን ያህል ቀደም ብሎ ተረካቢው ወንበሯ ላይ ይቀመጥ፣ እሷ ከጎኑ ዝም ትበል፣ እሱ ኢሜይሉን ብቻ እያየ የየካቲትን የባንክ ማስታረቅ እንደ አዲስ ይሥራ። የሠራችው ስላለ ውጤቱን ማመሳከር ይቻላል። አፉን ከፍቶ የጠየቀው እያንዳንዱ ጥያቄ ኢሜይሉ ላይ የጎደለ መስመር ነው፤ እዚያው ይጻፋል። እሱም ከመጋቢት 20 ጀምሮ በዚያው ኢሜይል ሥር የለወጠውን በቀን እየጻፈ ይቆያል፤ በሐምሌ ስትመለስ የምታነበው የራሷን ኢሜይል ከነ ቅጥያው ይሆናል።