ለውጭ አገር ስኮላርሺፕ ከአለቃ የሚላክ የድጋፍ ኢሜይል

ድሬዳዋ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ለማስተርስ ስኮላርሺፕ ሲያመለክት ብዙ ጊዜ የአለቃው ምስክርነት ይጠየቃል። አላላኩ እንደ ስኮላርሺፑ ይለያያል። አንዳንዱ ጋ አመልካቹ የአለቃውን ኢሜይል ፎርሙ ላይ ይሞላል፣ ሊንኩም በቀጥታ ለአለቃው ይሄዳል። የጀርመኑ ዳድ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች በሚሰጠው ስኮላርሺፕ ደግሞ የድርጅቱ አርማ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይፈለጋል፤ ስካን ተደርጎ ይያያዛል።

እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደብዳቤውን ከሥራ ልምድ ጋር ሲያምታታ ነው። የሥራ ልምድ ከሰው ሀብት ክፍል ይወጣል፤ የሥራ መደቡን፣ ደመወዙንና የቅጥር ዘመኑን ይናገራል፣ በቃ። ሰውየው እንዴት እንደሚሠራ አይናገርም። ይህን መናገር ያለበት በየቀኑ አብሮት የዋለ አለቃ ነው።

አንዲት የትራንዚት ድርጅት የሰነድ ሠራተኛ ለሰፕላይ ቼይን ትምህርት አመለከተች እንበል። አለቃዋ «ታታሪ፣ ታማኝና ምስጉን ጸባይ ያላት» ብሎ ቢጽፍ ስሟን አውጥቶ የዘበኛውን ማስገባት ይቻላል። እንዲህ ቢልስ፦ «ከጅቡቲ የሚመጣ ኮንቴይነር ሰነዱ ስለማይሟላ ደረቅ ወደብ ላይ ይቆምብን ነበር። እሷ ኢንቮይሱንና ፓኪንግ ሊስቱን ዕቃው ሳይደርስ ከደንበኛው እየተቀበለች ማመሳከር ጀመረች። ጉድለቱ አሁን ጉምሩክ ከመድረሱ በፊት እዚሁ ይታረማል።» ችግሩ ታየ፣ እሷ ያደረገችው ታየ፣ ውጤቱም ታየ። ከዚያ ትምህርቱ ለዚህ ሥራ ምን እንደሚጨምርና ስትመለስ ምን ላይ እንደምትመደብ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አለቃው ሊሰጥ የማይችለውን የሥራ ቦታ ግን ቃል አይግባ።

ቀን ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ከሐምሌ 2013 ጀምሮ» የሚለው እንዳለ ተገልብጦ ከሄደ አንባቢው የ2013 ጁላይ ነው ብሎ ያስባል፤ ትክክለኛው ግን 2021 ነው። ሲቪው 2021 ካለ ሁለቱ ሰነዶች ይጋጫሉ ማለት ነው። የአመልካቹ ስምም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው እስከ አያት ድረስ ይጻፍ።

«ጽፈሽ አምጪና ልፈርም» የሚል አለቃ ሞልቷል፤ ጊዜ ስለሌለው ነው እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም። ችግሩ ደብዳቤው ከአመልካቿ የራሷ ጽሑፍ ጋር ቃል በቃል ሊመሳሰል ይችላል፣ ያ ደግሞ ያስጠረጥራል። ይልቅ ሲቪውን፣ የትምህርቱን ዝርዝርና አለቃው ራሱ ያያቸውን ሁለት ሦስት ሥራዎች በአጭሩ ጽፎ መስጠት ይሻላል። ይህንንም በጠዋት ነው፤ ከቀትር በኋላ በድሬ ሙቀት ማንም ደብዳቤ አያስብም።

ኢሜይሉ ከድርጅቱ አድራሻ ቢላክ ይመረጣል። ድርጅቱ የሚጠቀመው ጂሜይል ብቻ ከሆነ የአለቃው የሥራ መደብና የቢሮ ስልክ ከስሙ ሥር ይግባ። ሊንክ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ማመልከቻው በገባ ማግስት አለቃውን ስፓም ፎልደሩን እንዲያይ መንገር ነው፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ተቀብሮ ይገኛል።