የፍትሐ ብሔር ክስ ከማመልከቻ እስከ ፍርድ፦ ሂደቱ ምንድን ነው?

አንዲት ነጋዴ ለጎረቤቷ 80,000 ብር አበደረች እንበል። ውሉን ሁለቱም ፈርመዋል፣ ሁለት ምስክሮችም ፈርመውበታል። የመክፈያው ቀን ቢያልፍም ሰውየው ዛሬ ነገ እያለ ያመላልሳታል። በመጨረሻ ለመክሰስ ወሰነች።

መጀመሪያ የክስ ማመልከቻ ታቀርባለች። መቼ፣ የትና ስንት እንዳበደረች ትጽፋለች፤ ምን እንዲወሰንላት እንደምትፈልግም ትገልጻለች። ይቺን የመጨረሻዋን በጥንቃቄ ብትጽፍ ይሻላታል፤ ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን ዳኝነት አይሰጥም። የማስረጃ ዝርዝርና የውሉን ቅጂ ታያይዛለች። የዳኝነት ክፍያ ከፍላ መዝገብ ይከፈታል።

ከዚያ ለተከሳሹ መጥሪያ ይደርሰዋል። ደርሶት ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይና ሊፈረድበት ይችላል። ለመቅረቱ በቂ ምክንያት ካለው፣ ፍርዱን ካወቀ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መልስ ላይ ነው። «ክሱ ሁሉ ሐሰት ነው» ብሎ መጻፍ አይበቃም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እያንዳንዱን ፍሬ ነገር ለይቶ መካድ ይጠይቃል። በግልጽ ያልተካደ ነገር እንደታመነ ይቆጠራል። የኛ ጎረቤት «80,000 ተበድሬአለሁ፣ ግን 50,000ውን በእጇ ሰጥቻታለሁ» ብሎ መለሰ። ብድሩን አመነ ማለት ነው።

በመጀመሪያው የክስ መስማት ቀን ዳኛው ተከሳሹ መቃወሚያ አንስቶ እንደሆነ ያያሉ። ለምሳሌ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ወይም ክሱ በይርጋ ታግዷል፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ አልፏል የሚል ሊሆን ይችላል። መቃወሚያው ካልተነሳ ወይም ውድቅ ከሆነ፣ ሁለቱን ወገን ጠይቀው ጭብጥ ይይዛሉ። ጭብጥ ማለት ተከራካሪዎቹ ያልተስማሙበት፣ ፍርድ ቤቱ የሚወስንበት ነጥብ ነው። እዚህ ጭብጡ አንድ ብቻ ነው፦ 50,000 ብር ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም? ከፈልኩ ያለው እሱ ስለሆነ የማስረዳት ሸክሙም የሱ ነው።

ሁለት ጓደኞቹን ምስክር አድርጎ ቆጠረ። ችግሩ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም ሆነ አመላለሱ የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። ጓደኞቹ ብሩን ስትቀበል አይተናል ቢሉም በቂ አይሆንም። አንዲት የተፈረመች ደረሰኝ ብትኖረው ነገሩ ሌላ ነበር። ምስክር በሚፈቀድበት ጉዳይ ግን መጀመሪያ የጠራው ወገን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ተቃራኒው መስቀለኛ ጥያቄ ያቀርባል፣ ከዚያም የጠራው እንደገና ይጠይቃል።

ማስረጃው ሲያልቅ መዝገቡ ለፍርድ ይቀጠራል። ፍርዱ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን ይዞ ይጻፋል። ጎረቤቷ 80,000ውን እንዲከፍላት ይወሰናል። ቅር ከተሰኘ ይግባኝ የሚጠይቅበት 60 ቀን አለው።