የቃል ጥያቄ ባንክ ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ ላይ የቃል ምዘና በሚኖርበት ቀን ከክፍሉ የወጣ ሠልጣኝ በሩን ሳይዘጋ ይከበባል። «ምን ጠየቁህ?» ይሉታል። ይነግራቸዋል፤ ጓደኞቹ ናቸው። ጥያቄው ሁሌ አንድ ከሆነ አምስተኛው ልጅ ሲገባ መልሱን ሸምድዶት ነው የሚገባው።

ለዚህ ነው ብዙ አሠልጣኞች የጥያቄ ባንክ ሲባል «ብዙ ጥያቄ ጽፈን እናስቀምጥና እየቀያየርን እንጠይቅ» የሚል ሐሳብ የሚመጣላቸው። እሱ ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ባንክ ውስጥ የሚቀመጥ እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ነገር አብሮት መቀመጥ አለበት። አንደኛው ሠልጣኙ አጥጋቢ መልስ ካልሰጠ መዛኙ ምን ብሎ እንደሚቀጥል፣ ማለትም ተከታይ ጥያቄው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለየትኛው መልስ ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ የሚናገረው መመሪያ ነው። ሁለቱም ከፈተናው በፊት የሚጻፉ ናቸው። በተለይ ተከታይ ጥያቄውን መዛኙ እዚያው እየፈጠረ ከጠየቀ፣ ሳያውቀው መልሱን ራሱ ይናገራል።

አንድ ጥያቄ ይዘን እንየው። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሠልጣኝ ነው የምንጠይቀው፦ «ሰው በሚኖርበት ቤት ግድግዳ ላይ ያለ የተበላሸ ሶኬት ልትቀይር ነው። ሽቦውን ከመንካትህ በፊት ምን ምን ታደርጋለህ?»

መመሪያችን አራት ነገር ይጠብቃል። ትክክለኛውን ብሬከር ለይቶ ማውረድ። ሌላ ሰው መልሶ እንዳያነሳው መከላከል። ሶኬቱ ጋ ኮረንቲ አለመኖሩን በመሣሪያ ማየት። መሣሪያው ራሱ መሥራቱን ኮረንቲ ባለበት ቦታ ላይ መሞከር፣ ከፍተሻው በፊትም በኋላም። ሠልጣኙ በራሱ ካነሳው ለእያንዳንዱ 2 ነጥብ፣ ተጠይቆ ከመለሰ 1፣ ካልመለሰ 0። ጠቅላላው 8 ነው፤ ማለፊያው 5። ከዚህ በተጨማሪ ሦስተኛው ነጥብ ላይ 0 ያገኘ ሰው ሌላው ሙሉ ቢሆንም አያልፍም። ሳይፈትሽ ሽቦ የሚነካ ሰው ሌላ ምንም ቢያውቅ 220 ቮልት ላይ እጁን እየሰደደ ነው።

ልጁ እንዲህ መለሰ እንበል፦ «ብሬከሩን አወርዳለሁ፣ ከዚያ በካቻቢቴ ሶኬቱን ፈትቼ እቀይራለሁ።» ብዙ መዛኝ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ወይ «ሌላስ? ሌላስ?» እያለ ያስጨንቀዋል፣ ወይ ያዝንለትና ይረዳዋል። የተጻፈው የመጀመሪያ ተከታይ ጥያቄ ግን ለሁሉም አንድ ነው፦ «እስኪ ቤቱ ከገባህበት ጀምረህ በቅደም ተከተል ንገረኝ።» ይህ ምንም ፍንጭ ስለማይሰጥ ከሱ በኋላ የመጣ መልስ በራሱ እንዳነሳው ይቆጠራል።

ልጁ ቀጠለ። የቦርዱን ጽሑፍ አይቶ የሶኬቱን ብሬከር እንደሚለይ ተናገረ፤ 2 ነጥብ። ለቤቱ ሰዎች እንደሚነግር ጨመረ። መመሪያው «መንገር ብቻ 1፤ መቆለፍ ወይም ምልክት ለጥፎ ማሸግ 2» ስለሚል እዚህ 1 አገኘ። ስለ ፍተሻ ግን አላነሳም። አሁን ጠቋሚው ጥያቄ ይመጣል፦ «ብሬከሩ ወርዷል። ሽቦው ላይ ኮረንቲ እንደሌለ በምን ታውቃለህ?» «በቴስተር አያለሁ፣ ካልበራ የለም።» ተጠይቆ ነውና 1። ቀጥሎ፦ «ቴስተሩ አልበራም። ለምን ምክንያት ላይበራ ይችላል?» ልጁ አሰበና «ኮረንቲ ስለሌለ» አለ። 0። ድምሩ 4 ሆነ። አላለፈም።

አሁን ሌላ መዛኝ በዚያው ቦታ «ቴስተሩን መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ላይ አትሞክረውም?» ብሎ ቢጠይቀውስ? የትኛው ልጅ ነው «አልሞክርም» የሚለው? «እሞክራለሁ» ይላል፣ 1 ይጨመርለታል፣ 5 ሆኖ ያልፋል። ያው ልጅ፣ ያው እውቀት። የተለወጠው የመዛኙ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያ ልጅ ነገ ብርሃኑ ደብዛዛ የሆነ ቴስተር ይዞ፣ የኋላ ጫፉን በጣቱ ሳይነካ፣ ወይም በደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ቆሞ በጠራራ ፀሐይ ያያል። አልበራም ይላል። ሽቦውን ይይዛል።

ስለዚህ ጥሩ ተከታይ ጥያቄ ሁኔታ ይሰጣል እንጂ መልስ አይሰጥም። በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የሚመለስ ከሆነ ከባንኩ አውጡት። ፊታችሁም ተከታይ ጥያቄ እንደሆነ አትርሱ። እኛ ወሎዎች የደነገጠ ሰው ስናይ «አብሽር» ማለት ይቀናናል። መልካም ነው፣ ግን መጀመሪያ ላይ ይባል። ልጁ ትክክል ሲናገር ብቻ «አብሽር» ካላችሁ ሲሳሳት ዝምታችሁ ይነግረዋል።

ወደ በሩ ላይ ወሬ ልመለስ። መፍትሔው ለአንዱ ሶኬት ጥያቄ ወንድሞች ማዘጋጀት ነው። አራቱ የሚጠበቁ ነገሮች ሳይለወጡ ታሪኩ ብቻ ይቀየራል፦ የአምፖል መያዣ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የእንጀራ ምጣድ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምጣዱን ያሰብነው ቀን ጥሩ መስሎን ነበር፤ ስንሞክረው የመጀመሪያው ልጅ «ሶኬቱን እነቅላለሁ» አለና ጥያቄው አለቀ። ልክ ነው! ነቅሎ በእጁ ከያዘው ማን መልሶ ያበራበታል? አራቱን ነጥብ የሚጠይቅ ነገር አልቀረም። ያ ጥያቄ ከሶኬቱ በጣም ይቀላል፣ የደረሰው ልጅ ዕድለኛ ነው ማለት ነው። ኋላ «ያለ ሶኬት በቀጥታ ከብሬከር የተያያዘ ምጣድ» ብለን አስተካከልነው።

የሞከርንበት መንገድ ቀላል ነው። ሁለት መዛኞች አንድን ሠልጣኝ አብረው ይሰማሉ፣ ሳይነጋገሩ ነጥብ ይጽፋሉ። ከ8ቱ በ1 ቢለያዩ ችግር የለውም። በ2 ወይም በ3 ከተለያዩ ስህተቱን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው መመሪያው ላይ ነው፤ «በጥንቃቄ ይሠራል» ዓይነት እያንዳንዱ እንደፈቀደው የሚተረጉመው ቃል ይገኝበታል። ያን ቃል አውጥቶ ሠልጣኙ በአፉ ሊለው የሚችለውን መጻፍ ነው። በሠልጣኙ ቋንቋ፣ ማለትም «ኮረንቲ» ያለውም «ቮልቴጅ» ያለውም እኩል ነጥብ ያግኝ።

ከዚያ ደግሞ ሥራውን በእጃቸው የሚኖሩትን ጠይቁ። ደሴ ላይ ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ አንድ አባት አሉ። ጥያቄውን አቀረብንላቸው፤ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበራው ምን እንደሚያደርጉ ሲነግሩን «ቫልቮላውን ነቅዬ ኪሴ እከታለሁ፣ ሥራዬን ሳልጨርስ ማን ያገኘዋል?» አሉ። አሮጌ ቦርድ ባለበት ቤት ከዚህ የተሻለ መቆለፊያ የለም። መመሪያችን ላይ ግን አልነበረም፤ እሳቸው ተፈታኝ ቢሆኑ 1 ነጥብ እንኳ ባላገኙበት ነበር። አሁን በ2 ነጥቡ መስመር ላይ «ፊውዙን ነቅሎ አብሮት የሚይዝ» ተብሎ ተጽፏል።